ፍርዱ አለ፣ ገጹ የለም

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የምኖረው ደሴ ነው። በወር አንድ ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን በአንድ መጽሐፍ ላይ እንወያያለን፤ ፕሮግራሙን የማስተባብረው እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ተራ የአንድ ወጣት የኮምቦልቻ ልጅ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው። ሂሱን የሚያቀርቡት ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጽሑፋቸውን ሰጡኝና «አንብቢውና እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። በእጅ የተጻፈ ስድስት ገጽ ነው። አማርኛው ያምራል፣ ፍርዱ ግን ብርቱ ነው፦ «ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ»፤ «ትረካው የተንዛዛ ነው»፤ «ደራሲው የሚያውቀውን አይጽፍም፣ የሚጽፈውን አያውቅም»። ከመጽሐፉ የተጠቀሰ አንድ መስመር ግን የለም። በዘዴ «ጋሼ፣ ጥቂት ጥቅስ ቢገባበትስ?» ብላቸው «መጽሐፉ በእጃቸው ነው፤ ያላመነ ገልጦ ይመልከት» አሉኝ። እኔም መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ አብዛኛው ፍርዳቸው ልክ ይመስለኛል። ደራሲው በዕለቱ ይገኛል። ዝም ብል ልጁን በደልኩት፣ ብናገር መምህሬን ደፈርኩ። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

*

አብሽሪ፣ እኅቴ። በሩን የከፈቱልሽ ራሳቸው ናቸው። «እውነቱን ንገሪኝ» ያለ ሰው እውነቱ ሲነገረው ሊከፋው ይችላል፣ «ደፈርሽኝ» ለማለት ግን አፍ አይኖረውም። ደግሞም ሙገሳ ብቻ የፈለገ ሰው በዕለቱ የሚመጣውን ጭብጨባ ይጠብቃል እንጂ ጽሑፉን አስቀድሞ ለቀድሞ ተማሪው አይሰጥም። መምህርሽ የሆነ ነገር ሳያሳስባቸው አልቀረም።

እኔን ያሳሰበኝ የጠየቅሻቸው ጥያቄ ነው። «ጥቂት ጥቅስ ቢገባበት» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ጽሑፉ እንዳለቀና ጌጥ ብቻ እንደጎደለው ነው። እሳቸውም እንደዚያው ተረድተው እንደዚያው መለሱልሽ። የጎደለው ግን ከጌጥ የሚበልጥ ነገር ነው። ስሜታቸው ወረቀቱ ላይ አለ፣ ድምዳሜያቸውም አለ፤ ከስሜቱ ወደ ድምዳሜው ያደረሳቸው የመጽሐፉ መስመር ግን እሳቸው ዘንድ ቀርቷል። ስለዚህ ሁለተኛ ስትሄጂ «ጥቅስ ይጨምሩ» አትበያቸው። «ይህ የተሰማዎት የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ» በያቸው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። መጽሐፉ አሁን በእጃቸው አለ? በንባብ ማኅበራት አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው ይዞራል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጠብቃል፣ ሂሱ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በአእምሮ የሚቀረው አጠቃላይ ጣዕሙ ብቻ ነው፤ ብዕርም ያንኑ ጣዕም በቅጽል ይገልጻል፦ የተንዛዛ፣ ደረቅ፣ ሰው ሠራሽ። ነገሩ ይህ ከሆነ ከመምህርሽ ጋር የሚያከራክርሽ የለም፤ ያንቺን ቅጂ ለአንድ ሳምንት አውሻቸው። የዓይናቸውስ ነገር? መጽሐፉ በደቃቅ ፊደል የታተመ ከሆነ መስመር ፍለጋ ወደ ኋላ መመለስ በዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም፣ ይህንንም ለተማሪው የሚናዘዝ መምህር ጥቂት ነው። ወይስ ያልጠቀሱት አዝነው ይሆን? ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ የራሱን ደካማ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ጭካኔ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ሦስቱም ምክንያቶች ከትዕቢት የራቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የተለየ ንግግር ይፈልጋሉ። እስክታጣሪ ድረስ ልብሽ በእሳቸው ላይ እንዳይደነድን።

አሁን ወደ መልሳቸው ልምጣ፤ ቀላል መልስ አይደለምና። «መጽሐፉ በእጃቸው ነው» አሉ። በእናንተ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው መጽሐፉን ይዞ ይመጣል? ስንቱስ አንብቦ ጨርሶ ይመጣል? አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሁሉም ይዞ ቢመጣ እንኳን «ትረካው የተንዛዛ ነው» የሚለውን የሰማ ሰው የትኛውን ገጽ ይግለጥ? ገጽ ያልተነገረው ፍርድ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ልብ በይ፣ ሊስተባበልም አይችልም። ልጁ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ «የለም፣ አልተንዛዛም» ከማለት በቀር የሚለው አይኖረውም። ይህ ደግሞ ክርክር ሳይሆን መቀያየም ይሆናል። እኛ አገር ደግሞ ማን የማን ዘመድ፣ ማን የማን ባልንጀራ እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ብርቱ ቃል ወዲያው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ «ምቀኝነት ነው»፣ «ቂም አለው» ይባላል። መምህርሽ ጥቅስ በመተዋቸው ልጁን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ነው ያጋለጡት።

በሰኞ ገበያ ጤፍ የምትሸጥ ሴት «ጤፌ ማኛ ነው» ብላ አትቀመጥም፤ ከጆንያው እፍኝ ዘግና ታሳያለች። ገዢዋ ደግሞ በላይኛው እፍኝ አትረካም፤ እጇን ወደ ጆንያው ሆድ ትሰዳለች፣ ላይ ላዩን ያማረ ጤፍ ከታች ምን እንደሆነ ታውቃለችና። የሂስ ጥቅስም ይኸው እፍኝ ነው። ሁለቱም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ሳያሳዩ መሸጥም፣ ለማሳየት የተመረጠውን ብቻ ማሳየትም። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጽሑፎቹ ስብስብ መቅድም ላይ ለሂስ ጸሐፊ የሚሆኑ ጥቂት ደንቦችን አስቀምጧል፤ ከነሱ አንዱ አንባቢው የራሱን ጣዕም እንዲያገኝ ቢያንስ አንድ ረዘም ያለ ምንባብ ከመጽሐፉ በቀጥታ ጥቀስ የሚል ነው። አንባቢው ጣዕሙን ራሱ ካገኘው ከሐያሲው ጋር የመስማማትም ያለመስማማትም ነጻነት አለው።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጥቅስ ይከተለው ማለት አይደለም። እንዲህ ብለሽ ከሄድሽ መምህርሽ ይስቁብሻል፣ እውነታቸውንም ነው። ፍርድ ሁሉ አንድ ዓይነት ማስረጃ አይፈልግም። በደብዳቤሽ የጻፍሽልኝ ሦስቱ የተለያዩ ስለሆኑ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ» የሚለው ስለ ቋንቋ ነው፤ ስለ ቋንቋ የሚሰጥ ፍርድ ያለ ቋንቋው ራሱ ሊቆም አይችልም። እዚህ ላይ የግድ መጥቀስ አለባቸው፣ ለዚያውም አንድ ጥቅስ አይበቃም። ሁለት ሰው አንድ አፍ እንዳለው የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። መጽሐፉን እኔ ስላላነበብሁት፣ ለምሳሌ እንዲሆነን የሚከተሉትን መስመሮች ራሴ ፈጥሬያቸዋለሁ። በአንዱ ገጽ በርበሬ የምትሸጥ አሮጊት ለልጅ ልጇ እንዲህ ትላለች እንበል፦ «ናፍቆት ማለት ያልተላከ ደብዳቤ ነው፤ አድራሻውም ልብ ነው።» ከብዙ ገጽ በኋላ ደግሞ የልጅ ልጇ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለጓደኛው እንዲህ ይላል፦ «ተስፋ ማለት ያልተከፈተ መስኮት ነው፤ መክፈቻውም እምነት ነው።» የተናጋሪዎቹን ስም በጣትሽ ሸፍነሽ አንብቢያቸው። የሁለቱም አካሄድ አንድ ነው፤ በረቂቅ ስም ይጀምራል፣ «ማለት ያል…» ይቀጥላል፣ በድርብ ሰረዝ ያርፍና ሁለተኛ ትንሽ ፍቺ ይጨምራል። አሮጊቷና ምሩቁ ቦታ ቢለዋወጡ ማንም አይነቃም። ይህን ለአድማጭ ለማሳየት ሁለት መስመርና ሁለት የገጽ ቁጥር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ «በአንድ አፍ ይናገራሉ» የሚለው ሐረግ ስድብ መሆኑ ቀርቶ ዓይን ያየው ነገር ይሆናል።

አሁን ደግሞ የዚህን ፍለጋ ሌላ ጎን ተመልከቺ። መምህርሽ እነዚህን ሁለት መስመሮች ሲፈልጉ ያቺው አሮጊት ከገዢ ጋር የምትከራከርበትን ገጽ ያገኛሉ እንበል፤ እዚያ ላይ «ውሰጂው እንግዲህ፤ ቤትሽ ገብተሽ ግን እንዳትረግሚኝ» ትላለች። ይህ የማንም አፍ አይደለም፣ የእሷ ብቻ ነው። እንግዲህ «በሙሉ» የሚለው ቃል ወደቀ። ፍርዱ ግን አልወደቀም፤ ይልቁንም ጠራ፦ ሰዎቹ ሲገበያዩ፣ ሲጣሉ፣ ሲቀልዱ የየራሳቸው አፍ አላቸው፤ ስለ ስሜታቸው ማውራት ሲጀምሩ ግን ደራሲው ከኋላ መጥቶ አፋቸውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጁን ያሳዝነዋል እንጂ ምንም አያስተምረውም። ሁለተኛው በሚቀጥለው መጽሐፍ የት ላይ እንደሚጠነቀቅ ይነግረዋል። ይህን ልዩነት የፈጠረው መስመሩን ፍለጋ መመለሳቸው ነው። «ያሳዩኝ» በያቸው ያልሁሽም ለዚህ ነው፤ ጥቅስ ለአድማጭ ከመቅረቡ በፊት የሐያሲውን ንባብ ይፈትናል።

«ትረካው የተንዛዛ ነው» ሌላ ጠባይ አለው። ርዝመትን በርዝመት ማስረዳት አይቻልም፤ አንድ ሙሉ ገጽ የተንዛዛ ትረካ ቢያነቡ አድማጩ የሚሰላቸው በእሳቸው ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ልክና ናሙና ነው። ልኩ ማለት «ዋናው ሰው ከቤት ወጥቶ መናኸሪያ እስኪደርስ ከዚህ ገጽ እስከዚህ ገጽ ይሄዳል፤ በመካከሉ የተለወጠ ነገር የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ናሙናው ደግሞ አንድን ነገር በተለያየ ቃል የሚደጋግሙ ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እነሱን አንብቦ ሁለተኛውን ቢተዉት ምን እንደሚጎድል አድማጩን መጠየቅ ነው። ምንም ካልጎደለ አድማጩ ራሱ ይፈርዳል። ናሙናው የላይኛው እፍኝ እንዳይሆን ደግሞ መጽሐፉን ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አካባቢ ገልጠው ይዩ። ድክመቱ በሦስቱም ቦታ ካለ ልማድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ ካለ፣ የጀማሪ ደራሲ እጅ እየፈታ መሄዱን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ነው፣ ሂሱም እንደዚያ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛዋ፣ «የሚያውቀውን አይጽፍም፣ የሚጽፈውን አያውቅም»፣ ከሁሉ ያማረች ናት፤ ከሁሉ የምታሰጋኝም እሷ ናት። ዜማ አላት፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን ስለ መጽሐፉ አትናገርም፤ ስለ ሰውየው ነው የምትናገረው። ደራሲው ምን እንደሚያውቅ መምህርሽ ሊያውቁ የሚችሉት በጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የምትደግፋት መስመር ካለች ትቁም፣ ከሌለች ትውጣ። የምትደግፋት መስመር ምን ትመስላለች? በልቦለዱ አንድ አውቶቡስ ከደሴ ተነስቶ «ሐረጎን ሽቅብ እያቃሰተ ወጥቶ ኮምቦልቻ ገባ» የሚል ቢኖር፣ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይነቃበታል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሐረጎም ቁልቁል ነው የሚወረደው። ይህች አንዲት መስመር ከነገጽ ቁጥሯ ብትጠቀስ «የሚጽፈውን አልመረመረም» ለማለት ትበቃለች። እንደዚያም ሆኖ ስህተቱ አንድ ከሆነ አንድ ነው ይባላል፤ ሰውየው በሙሉ አላዋቂ አይባልም።

ጥቅስ የማይገኝለትም ፍርድ አለ። «መጽሐፉ ውስጥ ሳቅ የለም» ቢሉ የሌለ ነገር እንዴት ይጠቀሳል? ያን ጊዜ ሳቅ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ ማሳየት ነው፤ ሠርጉን፣ የጎረቤታሞቹን ጨዋታ፣ እዚያ ላይ ትረካው እንዴት ደርቆ እንዳለፈ። የመጨረሻው ድምር፣ «በአጠቃላይ አልወደድሁትም» የሚለው፣ ጥቅስ አይጠየቅበትም። ከላይ የታየው ከተሸከመው ይቆማል።

የፍርድ ብርታት የንባብ ጥንቃቄን አያሳይም፤ ይህን መምህርሽ ሳያውቁት አይቀሩም። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ መምህር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የደራሲ ስም ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቹ እያደለ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይሰበስብ ነበር፤ ውጤቱን በ1929 አሳተመው። በልበ ሙሉነት ከፈረዱት መካከል ብዙዎቹ የግጥሙን ቀጥተኛ ትርጉም እንኳን በቅጡ አልተረዱትም ነበር። ይህን ለመምህርሽ እንድትነግሪያቸው አይደለም የጠቀስሁልሽ፤ ማን ይሰማል ከተማሪው እንዲህ ያለ ነገር! አንቺ ራስሽ በፍርዳቸው ብርታት እንዳትሸነፊ ነው። «አብዛኛው ልክ ይመስለኛል» ብለሻልና ልጠይቅሽ፦ ልክ የመሰለሽ መስመሮቹን አስታውሰሽ ነው ወይስ አማርኛቸው አሳምኖሽ? ሳትሄጂ በፊት ይህን ለብቻሽ መልሺው።

አካሄዱን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል። ከፕሮግራሙ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብለሽ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ መጽሐፉንም ጽሑፋቸውንም ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ። በወረቀታቸው ላይ ምንም አትጻፊበት፤ የእሳቸው ቀይ ብዕር በእሳቸው ላይ ሲዞር ደስ አይልም። መጽሐፉ ውስጥ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ብቻ አድርጊ፤ ሁለቱ ፍርዳቸውን የሚደግፍ መስመር ያገኘሽባቸው ገጾች፣ አንዱ ፍርዳቸውን የሚያናጋ። ከሦስት በላይ ካደረግሽ ፈተና ይመስላል። ቡናው ከመጣ በኋላ በሚደግፋቸው ጀምሪ፦ «ጋሼ፣ ሰዎቹ በአንድ አፍ ይናገራሉ ያሉት እኔንም ተሰምቶኛል። እዚህ ገጽ ላይ ያለው መሰለኝ። እርስዎ የተሰማዎት የቱ ጋ ነው?» ከዚያ ዝም በይ። ይህች ዝምታ ከባድ ናት፣ ግን አትሙያት። መጽሐፉን አንስተው መግለጥ ከጀመሩ ሥራሽን ጨርሰሻል። ወዲያው ካገኙት ጥቅሱ እሱ ነው፣ እዚያው ገጹን ጻፊላቸው። ገልጠው ገልጠው ካጡት ደግሞ አንቺ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም፤ የቀረውን መጽሐፉ ይነግራቸዋል። ሦስተኛዋን ገጽ የምታሳዪያቸው ከዚያ በኋላ ነው፦ «እዚህ ጋ ግን አሮጊቷ የራሷ አፍ ያላት መሰለኝ፤ ተሳስቼ ይሆን?» በተማሪና በመምህር መካከል «ተሳስቼ ይሆን» ትሕትና ብቻ አይደለም፣ እውነተኛ ጥያቄም ነው፤ ምናልባት ያላየሽውን ያሳዩሽ ይሆናል።

አዝነው ከሆነ ያልጠቀሱት፣ ይህንንም ተነጋገሩበት። ደራሲ ከጥቅስ ይልቅ ቅጽል ይጎዳዋል። መስመሩ ሲነበብለት «እዚህ ላይ እንዲህ አስቤ ነበር» ብሎ መመለስ ይችላል፤ «ሰው ሠራሽ» ለሚለው ቃል ግን ምን ይመልሳል? የሚያዋርደው የአነባበቡ ድምፅ ነው። ደካማውን መስመር ድምፅ ቀይረው፣ እየተሳለቁ ካነበቡት ጥቅሱ መቀለጃ ይሆናል። እንደ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ረጋ ብለው ካነበቡት ግን አድማጩ ሰምቶ ይመዝናል። ከተሳካለት ቦታ አንድ መስመር በተመሳሳይ ድምፅ ቢነበብ ደግሞ ለሁለቱም ጥሩ ነው፤ ለይሉኝታ ሳይሆን፣ ሐያሲው ጥሩውንም መለየት እንደሚችል ካላሳየ መጥፎውን ለይቷል ብሎ የሚያምነው ስለማይኖር።

ጽሑፉ በጆሮ የሚደመጥ መሆኑንም አትርሺ። አድማጭ ትምህርተ ጥቅስ አያይም። ስለዚህ «በገጽ ይህን ያህል ደራሲው እንዲህ ይላል» ተብሎ ይጀመር፣ ሲያልቅም «ጥቅሱ እዚህ ያበቃል» ወይም ያንን የሚመስል ነገር ይባል፤ አለበለዚያ የልጁ ቃልና የመምህርሽ ቃል ይደባለቃል። ለስድስት ገጽ ንባብ በእኔ ግምት ሦስት አራት ጥቅስ ይበቃል፤ አንዱ አራት አምስት መስመር የሚሆን፣ ሌሎቹ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የማይበልጡ። ረዥሙን በግማሽ ገጽ ወረቀት አባዝተሽ ብታድይው አድማጩ በዓይኑ ይከተላል። ለእያንዳንዱ ጥቅስ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ጥቅሱን ጥሎ ወደ ሌላ ነጥብ የሚዘል ሐያሲ አንባቢው እንደ እሱ ያያል ብሎ ይተማመናል፣ አንባቢ ግን እንደ ራሱ ነው የሚያየው።

በሚጠቅሱበት ጊዜ ሦስት ነገር አስታውሻቸው፤ ልምድ ያለው ሰውም ይስታቸዋል። ክፉ ገጸ ባሕርይ የተናገረውን የደራሲው አቋም አድርጎ መጥቀስ አንዱ ነው፤ ማን ለማን እንደተናገረ ሁልጊዜ ይጠቀስ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን በነጠብጣብ መቁረጥ ነው፤ የተቆረጠው ክፍል ትርጉሙን የሚያለዝብ ከሆነ ልጁ መጽሐፉን ገልጦ ሙሉውን ያነባል፣ ያን ጊዜ የተቀሩት አምስት ገጾች ሁሉ ይጠረጠራሉ። ሦስተኛው የማተሚያ ቤት የፊደል ግድፈትን የደራሲው የቋንቋ ድክመት አድርጎ ማቅረብ ነው። የታሪኩን መጨረሻ ያለማውጣቱን ነገር እሳቸውም ያውቁታል።

መጥቀስ በሕግ ያስጠይቅ ይሆን ብለው ከሰጉም ሥጋታቸው ይውጣላቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም ይገለጽ ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ «እኔ እንደጻፍሁት አነባለሁ» ቢሉስ? ይችላሉ፤ ጽሑፉ የእሳቸው ነው። አንቺ ግን ፕሮግራሙን የምትመሪ ሰው ነሽ፣ ያም ሥልጣን አለው። ከሂሱ በፊት ከመጽሐፉ አንድ ሁለት ገጽ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አድርጊ፤ ገጾቹንም መምህርሽ ራሳቸው ይምረጡ። «ጋሼ፣ ያላነበቡ ሰዎች ስለሚኖሩ ሂስዎን የሚያስረዳ ገጽ ይምረጡልን» ብትያቸው እምቢ አይሉሽም። ያን ጊዜ ጥቅሱ በጽሑፋቸው ውስጥ ባይገባም በክፍሉ ውስጥ ይገባል፣ ሰውም ፍርዱን ከገጹ አጠገብ አድርጎ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ በሚኖረው ውይይት «ይህን ያሉት በየትኛው ገጽ ላይ ተመሥርተው ነው?» የሚለውን ጥያቄ መምህርሽን ብቻ ሳይሆን አስተያየት የሚሰጠውን ሁሉ ጠይቂ፤ ያወደሰውንም ጭምር። ለአንድ ሰው ብቻ ከተጠየቀ ወቀሳ ይሆናል፣ ለሁሉም ከሆነ የቤቱ ደንብ ነው። ገጹን የሚያነበው ግን ደራሲው እንዳይሆን አደራ፤ ከእናንተ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ አንድ አንባቢ ፈልጊ፣ ጽሑፉንም ከሁለት ቀን በፊት ስጪው።